አሥራ አምስት ከሃያ ሁለት ሲበልጥ

አክስቴ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ «እስቲ ኢንጂነሩ፣ የትኛው ይሻለኛል?» ስትለኝ፣ መልስ ለመስጠት ሁለተኛው ቡና እስኪቀዳ እንኳን አልጠበቅኩም። አንደኛው ወረቀት ላይ 15 በመቶ ይላል። ሌላኛው ላይ 22 በመቶ ይላል። «ይሄማ ምን ይጠየቃል እቴቴ፣ አሥራ አምስቱን ነዋ!» አልኳት። እሷም ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ጉዳዩ አለቀ።

አክስቴ እንጀራ ጋግራ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ታከፋፍላለች። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበራት፣ ደንበኛ በዛባት፣ ተጨማሪ ምጣዶችና ከመወደዱ በፊት ገዝታ የምታስቀምጠው ጤፍ አማራት። ሒሳቧን ሠርታ 95 ሺህ ብር እንደሚያስፈልጋት ደርሳበታለች፤ ለክፉም ለደጉም ብላ 100 ሺህ ልትበደር ወሰነች። የመክፈያ ጊዜው 12 ወር፣ ክፍያው በየወሩ እኩል። ሁለቱም አበዳሪዎች እስከዚህ ድረስ አንድ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የማፍርበትን ነገር ልናገር። እኔ ኮድ ጻፊ ነኝ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ለቁጠባና ብድር ተቋማት የሚሆን ሶፍትዌር ላይ ሠርቻለሁ፤ ሲስተሙ የተመሠረተው ብዙ አገር በሚጠቀምበት ማይፎስ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ላይ ነበር። አዲስ የብድር ዓይነት ስትፈጥር የወለድ ዘዴ የሚመረጥበት ቦታ አለ፣ ምርጫዎቹም ሁለት ናቸው፦ `Flat` እና `Declining Balance`። ያንን ገጽ እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። ሁለቱም በትክክል እንደሚሰሉ የሚያረጋግጥ ቴስት ጽፌያለሁ። ቴስቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ወደ ቀጣዩ ሥራ ሄድኩ። የአክስቴ ወረቀት ላይ ከ15 በመቶው ጎን «ፍላት» የሚል ቃል ተጽፎ ነበር፤ አይቼዋለሁም። ግን አላነበብኩትም።

ሌላም ነገር አለ። 22 በመቶ የሚለው አበዳሪ ደመወዝተኛ ዋስ ይፈልግ ነበር። ዋሱ ማን እንደሚሆን እቴቴ በአፏ አላወጣችውም፣ እኔም አልጠየቅኩም። 15 በመቶው በቡድን ዋስትና የሚሰጥ ነው፤ እሷና አራት ሴቶች እርስ በርስ ይተማመናሉ፣ እኔ የለሁበትም። መልሱ ለምን እንደዚያ ቶሎ እንደመጣልኝ ሳስበው አሁንም ደስ አይለኝም።

ገንዘቡ በተለቀቀ ማግስት ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ብሩ ጎሏል መሰለኝ፤ ሰማንያ ስድስት ሺህ ነው የገባልኝ።» ቆጥራ ተሳስታ ይሆናል ብዬ ቤቷ ሄድኩ። አልተሳሳተችም። ውሉ ላይ በትንሽ ፊደል ሳይሆን በደንብ በሚነበብ ፊደል ተጽፏል፦ የአገልግሎት ክፍያ 3 በመቶ፣ የብድር መድን 1 በመቶ፣ የግዴታ ቁጠባ 10 በመቶ፣ ሁሉም ብድሩ ሲለቀቅ ተቀናሽ። 3 ሺህ፣ 1 ሺህ፣ 10 ሺህ። ከ100 ሺህ ላይ 14 ሺህ ከመንገድ ቀረ። ቁጠባው የራሷ ነው፣ ዓመቱ ሲያልቅ 7 በመቶ ወለድ ተጨምሮበት ይመለስላታል፤ ግን እስከዚያ አትነካውም። ለምጣዶቹና ለጤፉ የጎደለውን 9 ሺህ ከጎረቤት ለመነች።

ማታ ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ያኔ ነው ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ያየሁት።

ፍላት ማለት ወለዱ የሚሰላው መጀመሪያ በተበደርከው ሙሉ ገንዘብ ላይ ነው ማለት ነው፣ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ። 100 ሺህ በ15 በመቶ፣ ለአንድ ዓመት፣ 15 ሺህ ብር ወለድ። 115 ሺህን ለ12 ስታካፍለው በወር 9,583 ብር ከ33 ሳንቲም ይመጣል። በውስጡ 8,333 ብሩ የዋናው ዕዳ ክፍያ ነው፣ 1,250 ብሩ ደግሞ ወለድ። በየወሩ ያው ነው። ስሌቱ ቀላል ስለሆነ ማንም ሰው በጣቱ ቆጥሮ ሊያረጋግጠው ይችላል፤ ብዙ አበዳሪዎች የሚወዱት ለዚህም ጭምር ይመስለኛል።

ችግሩ እቴቴ 100 ሺሁን ዓመቱን ሙሉ ይዛው አትቆይም። በመጀመሪያው ወር የ100 ሺህ ዕዳ ስላለባት 1,250 ብር መክፈሏ ልክ ነው፣ 1.25 በመቶ ነው፣ በዓመት 15። ስድስት ጊዜ ከከፈለች በኋላ ግን ከዋናው የቀረባት 50 ሺህ ብቻ ነው። በሰባተኛው ወርም የምትከፍለው ወለድ 1,250 ነው። ያ እንግዲህ በእጇ ላለው ገንዘብ 2.5 በመቶ በወር ሆነ። አሥራ ሁለተኛው ወር ላይ ስንደርስ በእጇ የቀረው የሰው ገንዘብ 8,333 ብር ነው። ለእሷም 1,250 ብር ወለድ ትከፍላለች። 15 በመቶ፣ በአንድ ወር ውስጥ! ወረቀቱ ላይ «በዓመት» የሚለው ቁጥር በመጨረሻው ወር በወር ሆኖ ቁጭ ይላል። ቴስቱን የጻፍኩት እኔ፣ ይሄንን መስመር በዓይኔ አላየሁትም ነበር።

በቀሪው ዕዳ ላይ የሚሰላው፣ ዲክላይኒንግ የሚሉት፣ እንዲህ አያደርግም። በየወሩ መጀመሪያ «አሁን ስንት ቀረብሽ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ወለዱን የሚጥለውም በዚያ ላይ ብቻ ነው። ዕዳው ሲያንስ ወለዱ አብሮ ያንሳል። ወርሃዊ ክፍያው እኩል እንዲሆን ከተፈለገ መጀመሪያ ላይ ወለዱ በዛ ብሎ ዋናው ያንሳል፣ ወደ መጨረሻው ይገለበጣል።

ሁለቱን በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፦ በእርግጥ በእጇ የገባው ስንት ነው፣ በየወሩ የሚወጣውስ ስንት ነው፣ በመጨረሻ የሚመለስላት ካለ ስንት ነው? ከዚያ በቀሪ ዕዳ ላይ ቢሰላ ኖሮ እነዚህን ቁጥሮች የሚሰጠው ወለድ የትኛው እንደሆነ ወደ ኋላ መፈለግ ነው። ይሄንን ኤክሴልም ሆነ ጉግል ሺትስ በአንድ መስመር ይሠሩታል። እኔ ሦስት ጊዜ ነው የጠየቅኩት፦

```
=RATE(12, -9583.33, 100000) * 12
=RATE(12, -9583.33, 96000) * 12
=RATE(12, -9583.33, 86000, 10700) * 12
```

የመጀመሪያው መስመር ምንም ተቀናሽ እንደሌለ አድርጎ ፍላቱን ብቻ ይመለከታል። መልሱ 26.6 በመቶ ነው። ማለትም አንድም ሳንቲም ሳይቆረጥ፣ የስሌቱ ዘዴ ብቻ 15ቱን 26.6 አደረገው። ሁለተኛው የአገልግሎት ክፍያውንና መድኑን ቀንሶ 96 ሺህ እንደገባላት ይቆጥራል፤ 34.7 በመቶ። ሦስተኛው የታሰረውን ቁጠባም ይጨምራል፦ የገባው 86 ሺህ፣ ዓመቱ ሲያልቅ የሚመለሰው 10,700። 40.8 በመቶ። ቁጥሩን ሳየው ፎርሙላውን የተሳሳትኩ መስሎኝ ሠንጠረዡን በእጄ፣ ወር በወር ሠራሁት። ያው ነው።

(የወሩን በ12 ስላባዛሁት ነው እነዚህ የወጡት። ወለድ በወለድ ላይ እየተደራረበ ካሰላችሁት ከዚህም ይበልጣሉ። ዋናው ነገር የምታወዳድሯቸውን ሁሉ በአንድ መንገድ መለካት ነው።)

ከዚያ በኋላ ያልመረጥናትን ወረቀት ፍለጋ ወደ እቴቴ ስልክ ደወልኩ። «ጥለሻታል እንዴ?» «ምን እጥላለሁ፣ ጀርባዋ ላይ የደንበኛ ስም ጽፌበታለሁ» አለችኝ። ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። 22 በመቶ፣ በቀሪው ዕዳ ላይ፣ የአገልግሎት ክፍያ 2 በመቶ፣ ሌላ ምንም። ወርሃዊ ክፍያው 9,359 ብር ከ42 ሳንቲም።

እስቲ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የ15 በመቶው ወርሃዊ ክፍያ 9,583 ነው፣ የ22 በመቶው 9,359። «ውድ» የተባለው በየወሩ 224 ብር ይረክሳል። የዓመቱ ወለድም 12,313 ብር ነው እንጂ 15 ሺህ አይደለም። 2 ሺህ ብር የአገልግሎት ክፍያውን ጨምሬ በ98 ሺህ ሳሰላው ወደ 26 በመቶ መጣ። አንዱ 15 ብሎ 40.8 ሆነ፣ ሌላው 22 ብሎ 26 ሆነ። እቴቴ የጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱ በሁለቱ ወረቀቶች ላይ በሙሉ ተጽፎ ነበር፤ ወርሃዊውን ክፍያና በእጅ የሚገባውን ብር ብቻ አይቼ ቢሆን፣ ያለምንም ፎርሙላ፣ አልሳሳትም ነበር።

ጓደኛዬ ሒሳቡን ሳሳየው «በብር ግን ያን ያህል ነው እንዴ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በአንደኛው ብድር ጠቅላላ ወጪዋ 15 ሺህ ወለድ፣ 4 ሺህ ክፍያዎች፣ ሲቀነስ የቁጠባው 700 ብር ወለድ፦ 18,300 ብር። በሁለተኛው 14,313። ልዩነቱ 4 ሺህ ብር አካባቢ ነው። 40.8ና 26 ሲባል የሚመስለውን ያህል አይደለም፣ አይደል?

ግን ልብ በሉ፣ ሁለቱ ብድሮች እኩል ገንዘብ አልሰጡም። አንዱ 86 ሺህ ሰጣት፣ ሌላው 98 ሺህ ሊሰጣት ነበር። ከመጀመሪያው አበዳሪ 98 ሺህ በእጇ እንዲገባ ቢፈለግ 113,950 ብር ገደማ መበደር ነበረባት፤ ያኔ ወጪዋ ወደ 20,850 ይደርሳል፣ ልዩነቱም 6,500 ብር ይሆናል። በመቶኛ የሚገለጸው ወለድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ የተለያየ መጠን ያላቸውን ገንዘቦች በአንድ ዓይን ያያል። ብሩ ደግሞ ለቤቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ ይናገራል። እኔ ሁለቱንም ማየት እፈልጋለሁ፣ አንዱን ብቻ የሚያሳየኝን ሰው አላምንም።

እንደ እቴቴ ኤክሴል የሌለው ሰው ምን ያድርግ? በስልክ ካልኩሌተር የሚሠራ አንድ ዘዴ አለ፤ ለእሷም ያስረዳኋት በዚሁ ነው። በየወሩ እኩል እየተከፈለ በሚያልቅ ብድር፣ ዓመቱን በአማካይ በእጅህ የሚቆየው ከተበደርከው ግማሹ፣ ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ለ12 ወር ሲሆን በትክክል 54 በመቶው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በመጀመሪያው ወር 100 ሺህ ይዘሃል፣ በመጨረሻው 8,333፤ የሁለቱ መሐል 54,167 ነው። እንግዲህ ጠቅላላ ወጪውን በዚህ ማካፈል ነው። 15 ሺህ ወለድና 4 ሺህ ክፍያ፣ 19 ሺህ ለ54,167 ሲካፈል 35.1 በመቶ። ትክክለኛው 34.7 ነበር። ቁጠባው ሲታሰር 10 ሺሁን ከአማካዩ ላይ ቀንስ፣ 44,167 ይሆናል፤ 18,300 ለ44,167 ሲካፈል 41.4። ትክክለኛው 40.8። ትንሽ አሳድጎ ነው የሚናገረው፣ ግን ለውሳኔ ይበቃል። የሚሠራው በየወሩ እኩል ለሚከፈል ብድር ብቻ ነው፤ ወለዱ በየወሩ ተከፍሎ ዋናው በመጨረሻ በአንዴ የሚመለስ ከሆነ ገንዘቡ ሙሉው ዓመቱን በእጅህ ስለሚቆይ ግማሽ ማድረጉ ስህተት ነው። እንዲያውም እንደዚያ ላለ ብድር ፍላት የሚባለው 15 በመቶ እውነተኛ 15 በመቶ ነው።

የክፍያዎቹን ነገር በተመለከተ አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም 3 በመቶና 1 በመቶ ሲባል ትንሽ ስለሚመስሉ። የአገልግሎት ክፍያ ጊዜ አያውቅም። ብድሩ ዓመት ቢቆይም ስድስት ወር ቢቆይም 4 ሺህ ብር 4 ሺህ ብር ነው። የእቴቴ ብድር በዚያው 15 በመቶ ፍላትና በዚያው ክፍያ ለስድስት ወር ቢሆን ኖሮ፣ ቁጠባውን ሳልቆጥር፣ 34.7 የነበረው ወደ 40 ይወጣ ነበር። ብድሩ ባጠረ ቁጥር ክፍያው ይከብዳል። በየሦስት ወሩ ብድር የሚያድስ ነጋዴ በየጊዜው «ትንሽ» የአገልግሎት ክፍያ ሲከፍል የሚያስበው የወለዱን መጠን ብቻ ከሆነ፣ ትልቁን ወጪ አያየውም።

እውነቱን ለመናገር አበዳሪውን ሌባ ማለት አልችልም። ሁሉም ነገር ውሉ ላይ አለ። ደግሞ ትንንሽ ብድር ማበደር ውድ ሥራ ነው፤ የብድር ኦፊሰሩ ለ20 ሺህ ብርም ለ2 ሚሊዮንም ያንኑ መንገድ ይሄዳል፣ ያንኑ ፎርም ይሞላል፣ ቡድኑን ያንኑ ያህል ጊዜ ይሰበስባል። ለቁጠባ የሚከፈለውን ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን 7 በመቶ አድርጎታል፤ ከዚያ በላይ ወጪና የማይመለስ ብድር አለ። 35 በመቶ ማስከፈል ሊያስፈልገው ይችላል። የማይገባኝ 35 ብሎ አለመጥራቱ ነው። አሜሪካ በ1968 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ አበዳሪ ወለዱንና ዋና ዋና ክፍያዎችን ጨፍልቆ ኤ.ፒ.አር. የሚባል አንድ ዓመታዊ ቁጥር እንዲያሳይ ታስገድዳለች። የሚገርመው ሕጉ የግል ፍጆታ ብድርን እንጂ የንግድ ብድርን አይነካም፤ እዚያም አገር የአነስተኛ ንግድ ባለቤት ከጥበቃው ውጪ ነበር። ካሊፎርኒያ ለንግድ ብድርም ተመሳሳይ ግዴታ የሚጥል ሕግ ያወጣችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ነገሩ የአክስቴ ብቻ ችግር አይደለም፤ ያ ግን ለአክስቴ ምንም አይጠቅማትም።

ለእሷ መንገር ነበረብኝ። ሦስት ቀን አመነታሁ። ቅዳሜ ሄጄ፣ ምጣድ ላይ ቆማ እያለች ነገርኳት። ስለ መቶኛ ሳወራ ሊጡን እያፈሰሰች ዝም ብላ ሰማችኝ። «በወር ሁለት መቶ ሃያ አራት ብር ይቀንስ ነበር» ስላት ግን እጇ ቆመ። «እና ሙሉውን ነበር የሚሰጡኝ?» አለች። «ዘጠና ስምንት ሺህ።» አክንባሎውን ደፍታ ትንሽ ዝም አለች። «ጎረቤት ለምኜ» አለች፣ ለራሷ ይመስል። እኔ ላይ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

በስድስተኛው ወር ዕቁብ ደረሳት። የመጀመሪያ ሐሳቧ ዕዳውን ዘግታ መገላገል ነበር፤ ዕዳ እንቅልፍ ይነሳታል። ስድስተኛውን ክፍያ ልትከፍል ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ኦፊሰሩ ጨዋ ልጅ ነው፣ ከእኔ የሚያንስ። «ስትዘጊ የቀረው 57,500 ነው» አላት። 50 ሺሁ ዋናው፣ 7,500 ደግሞ የቀሪዎቹ ስድስት ወራት ወለድ። ገና ያልደረሱ ወራት ወለድ! ውሉን ገለጥኩ፤ ቀድሞ መክፈል ይቻላል ይላል፣ ወለዱ ይቀነሳል አይልም። በቀሪው ዕዳ ላይ የሚሰላው ብድር ቢሆን ኖሮ ያን ቀን 52,722 ብር ከፍላ ትወጣ ነበር፤ ምክንያቱም ያልተጠቀሙበት ጊዜ ወለድ የለውም።

እዚህ ላይ ሒሳቡ ያልጠበቅኩትን ነገር ተናገረ። ወለዱ የማይቀር ከሆነ፣ ቀድሞ መክፈል ብድሩን ያስወድደዋል። ቁጠባውን ትተን፣ በስድስተኛው ወር ብትዘጋው ያ 34.7 በመቶ ወደ 47 ይወጣል፤ ያንኑ ወለድ ከፍላ ገንዘቡን ለግማሽ ጊዜ ብቻ ተጠቀመችበት ማለት ነው። በተቃራኒው፣ ወለዱ ከእጇ እንደወጣ ከተቆጠረ በእጇ ያለው 50 ሺህ ከዚያ በኋላ በነፃ ነው። ስለዚህ «አትዝጊው እቴቴ፣ ጤፍ ግዢበት» አልኳት። ለሁለተኛ ጊዜ ምክር ስሰጣት አፌ ደርቆ ነበር። ፊቴን አየችው። «በደንብ ቆጥረኸዋል?» «ቆጥሬዋለሁ።» «ዛሬስ ቆጥረህ ነው አይደል?» አለች፣ ኦፊሰሩም ሳቀ፣ ምን እንደሆነ ባይገባውም። ጤፉን ገዛች።

ዓመቱ አለቀ፣ ዕዳዋን ጨረሰች፣ ቁጠባዋ ከነወለዱ ተመለሰላት። አበዳሪው «በደንብ ስለከፈልሽ አሁን 200 ሺህ እንሰጥሻለን፣ ወለዱ ያው 15 ነው» አላት። እሷ ያን ቀን ለብቻዋ ነበረች፤ በኋላ ነው ያወራችልኝ። «አሥራ አምስቱ ከላይ ከላይ ነው ወይስ በቀረው ላይ ነው አልኳቸው» አለችኝ። «ምን አሉሽ?» «ከላይ ከላይ ነው አሉ። እሺ፣ በእጄ የሚገባውንና በየወሩ የምከፍለውን ጻፉልኝ አልኳቸው። ጻፉልኝ።» ቁራጭ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። ሁለት ቁጥር ብቻ አለበት፦ 172 ሺህ፣ 19,166። ከስሩ በራሷ እጅ የሌላኛውን አበዳሪ ሁለት ቁጥሮች ጽፋለች። እሱ ጋም ሄዳ ጠይቃ ኖሯል።

«እዚያኛው ግን ዋስ ይፈልጋሉ» አለችና ቡናዋን መቅዳት ጀመረች፣ ቀና ሳትል።

ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤት ሰው ኃይል ክፍል ሄጄ የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ ጠየቅኩ። «ለምን ጉዳይ?» አለችኝ ፀሐፊዋ፣ ፎርሙን እየሞላች። «ለዋስትና» አልኳት። ማህተሙ እስኪመታ ድረስ የውሉን ቅጂ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።